ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የውል ኢሜይል ከመላኩ በፊት፦ መልሶ መተርጎም በየትኛው መንገድ ይሻላል?

ውል ከተፈረመ በኋላ የሚጻጻፉትን ኢሜይል ብዙ ሰው እንደ ተራ መልእክት ያየዋል። ግን የመጫኛ ቀን የሚገፋው በኢሜይል ነው። የናሙና ጉዳይ የሚቋጨው፣ የባንክ ወጪ ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚለየውም በኢሜይል ነው። ቡና ላኪዎች ጋ ነገሩ የተለመደ መልክ አለው። ባለቤቱ ወይም የሽያጭ ኃላፊው ሐሳቡን በአማርኛ ይጽፋል። ጽሑፉ በጉግል ትራንስሌት ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ከዚያ ሃምቡርግ ወይም ጄዳ ላለው ገዢ ይላካል። ገዢው እጅ የሚገባው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበውም እሱ ነው።

እንግሊዝኛውን ለማረጋገጥ ብዙ ሰው የሚያደርገው መልሶ መተርጎም ነው። የወጣውን እንግሊዝኛ እንደገና ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያ መጀመሪያ ከጻፈው ጋር ያመሳክረዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ለመጠይቆች ትርጉም መፈተሻ አድርጎ በሰፊው አስተዋውቆታል። በእሱ አሠራር አንድ ሰው ይተረጉማል፣ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ይመልሰዋል። ዛሬ ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ ላይ የቀረው መመለሱ ነው። «ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው» የሚለው ግን ተረስቷል። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው መንገዶች ልዩነታቸው በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

በእጃችን ያሉት አማራጮች

የመጀመሪያው ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው መሣሪያ ራሱ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች የምታቀያይረውን ቀስት መጫን ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው በሌላ መሣሪያ መመለስ ነው። ለምሳሌ በጉግል ትራንስሌት ወደ እንግሊዝኛ የሄደውን በማይክሮሶፍት ትራንስሌተር ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል። ሁለቱም አማርኛ ይሠራሉ።

ሦስተኛው በሰው ማስመለስ ነው። እንግሊዝኛም አማርኛም የሚችል፣ የእናንተን አማርኛ ግን ያላየ ሰው እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ በአማርኛ ይጽፈዋል።

አራተኛው ጭራሽ መልሶ መተርጎም አይደለም። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ማለትም ተርጓሚ ወይም ጠበቃ፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነብባል።

ወደ ሦስተኛ ቋንቋ ወስዶ መመለስን፣ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ በኩል ማዞርን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክረውም። በየእርምጃው አዲስ ስህተት ስለሚጨመር፣ መጨረሻ ላይ የሚታየው ጉድለት እንግሊዝኛው ላይ ይሁን መንገድ ላይ የገባ ይሁን መለየት አይቻልም።

አንድ ኢሜይል፣ አራት ዓረፍተ ነገር

አማራጮቹን በሐሳብ ብቻ ከማወዳደር አንድ ኢሜይል ይዘን እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው፤ አነጋገሩ ግን በየቢሮው የምናገኘው ዓይነት ነው። ሽያጩ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ነው፤ ላኪው ቡናውን ጅቡቲ መርከብ ላይ ያደርሳል ማለት ነው። ብዛቱ ባለ 60 ኪሎ 640 ጆንያ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙውን ጊዜ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ስለሚይዝ ሁለት ኮንቴይነር ይሆናል። ውሉ «በናሙና መጽደቅ ላይ የተመሠረተ» ነው፤ በንግዱ ቋንቋ ኤስኤኤስ የሚባለው። ላኪው እንዲህ ጻፈ፦

«ናሙናው እንደጸደቀ ቡናውን እስከ ግንቦት 30 እንጭናለን። ናሙናውን ካልተቀበሉት ውሉ ይቀራል። 640ውን ጆንያ በሁለት ዙር ልንልክ እንችላለን። የባንክ ወጪውን ይከፍላሉ።»

አማርኛ ተናጋሪ ሲያነበው ምንም አይጎረብጠውም። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ማን ለማን ምን እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ እንግሊዝኛው ላይ ነው። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ሌላ ትርጉም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፤ በመልሶ ትርጉም የሚያዙበት መንገድም የየራሱ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። «ውሉ ይቀራል» ሲል ላኪው «ይሰረዛል፣ ተወው» ማለቱ ነው። «ስብሰባው ቀረ» እንደምንለው። ግን «ይቀራል» ባለበት መቆየትም ነው፤ «ሁለት ጆንያ ይቀራል» እንደምንለው። መሣሪያው ሁለተኛውን ትርጉም ከወሰደ፣ እንግሊዝኛው «ናሙናውን ባትቀበሉም ውሉ እንዳለ ይቆያል» የሚል ይሆናል። ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ገዢው ግር ብሎት ይጠይቅ ነበር። እዚህ ግን አይጠይቅም። ምክንያቱም በቡና ንግድ ሁለቱም ዓይነት ስምምነት አለ። በአንደኛው ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጭ የለም፤ ሁለቱም ወገን ነጻ ይወጣል። በሌላኛው ውሉ ጸንቶ ይቆያል፣ ላኪውም ሌላ ናሙና የመላክ ግዴታ አለበት። ላኪው የመጀመሪያውን አስቦ ጽፎ፣ ገዢው ሁለተኛውን ያነብባል። ለገዢው ሙሉ ትርጉም የሚሰጥ፣ የሚያውቀው አሠራር ነው። ናሙናውን አልቀበልም ብሎ ምትክ ሲጠይቅ፣ ላኪው ደግሞ ቡናውን ለሌላ ሰው ሸጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን አማራጮቹን በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ እንፈትናቸው። በዚያው መሣሪያ ሲመለስ «ናሙናውን ካልተቀበሉ ውሉ ይቀራል» ብሎ ሊመጣ ይችላል። ከዋናው ጋር ገጠመ ማለት ነው። ላኪው ደስ ብሎት ይልከዋል። መሣሪያው ሲሄድ «ይቀራል»ን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አጣምሮታል፤ ሲመለስም ያንኑ ቃል ከ«ይቀራል» ጋር ማጣመሩ የሚጠበቅ ነው። ስህተቱ በሄደበት በር ተመልሶ ገባ። የተመለሰው ጽሑፍ ስለተመሳሰለ ብቻ እንግሊዝኛው ትክክል ነው ማለት አይቻልም።

በሌላ መሣሪያ ሲመለስ የተሻለ ዕድል አለ። ሁለተኛው መሣሪያ የመጀመሪያውን የቃል ምርጫ አያውቅም። የሚያየው «ይቆያል» የሚለውን እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስለዚህ «ውሉ ጸንቶ ይቆያል» ወይም «ውሉ ይቀጥላል» ብሎ የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ያየ ላኪ ወዲያው ይደነግጣል፤ መደንገጥም አለበት። በሰው ሲመለስ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ስህተት አያመልጥም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሰው «ናሙናውን ባንቀበለውም ውሉ ይጸናል» ብሎ ይጽፋል።

ቀኑ፦ መሣሪያ የማይነግራችሁ ስህተት

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ችግር «ግንቦት 30» ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 7 ነው። የትርጉም መሣሪያዎች ግን የወር ስምን እንደ ቃል ነው የሚያዩት። «ግንቦት»ን በ«ሜይ» ይተካሉ፣ ቁጥሩን እንዳለ ይተዉታል። ኢሜይሉ ላይ ሜይ 30 ይጻፋል። 8 ቀን ጠፋ።

በቡና ውል 8 ቀን ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። የመጫኛ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በወር ነው የሚነገረው። ሜይ 30 የሜይ ጭነት ነው፤ ጁን 7 የጁን ጭነት ነው። ቡናው መቼ እንደተጫነ የሚመሰክረው ደግሞ የመርከብ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን ነው። ላኪው በልቡ ባሰበው ቀን በትክክል ጭኖ እንኳን፣ በሰነዱ የሜይ ሳይሆን የጁን ጭነት ሆኖ፣ ዘግይቶ ይታያል።

ሲመለስ ምን ይሆናል? ያው መሣሪያ ሜይ 30ን «ግንቦት 30» ብሎ ያመጣዋል። ሌላ መሣሪያም «ግንቦት 30» ብሎ ሊያመጣው ይችላል፤ እሱም የወር ስምን በወር ስም ነውና የሚተካው። አንዳንዴ «ሜይ 30» ብሎ ቢተወው ዕድላችሁ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መሣሪያ መጠቀም ብዙ ጥቅም የለውም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዕውርነት አለባቸው። ሰውም ቢሆን ካልተነገረው በልማድ «ግንቦት 30» ሊል ይችላል። ስለዚህ ለሚመልስላችሁ ሰው አስቀድማችሁ «ቀንና ሰዓት አትቀይር፣ እንዳየኸው ጻፈው» በሉት። ያኔ «ሜይ 30» ከ«ግንቦት 30» አጠገብ ሲቀመጥ ጉዳዩ ይታያል።

ሰዓትም ያው ነው። «እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መልስ እንጠብቃለን» ስንል በፈረንጆቹ 15፡00 ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው ግን የጠዋቱን 9 ሊል ይችላል፤ ሲመለስም 9 ሆኖ ይመለሳል።

የቀንና የሰዓት መፍትሔው ፍተሻ ሳይሆን አጻጻፍ ነው። ገና በአማርኛው ላይ «ጁን 7 ቀን 2026» ብላችሁ ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጆቹ አድርጉት። ወሩን በስም መጻፍ ይሻላል፤ 6/7 ብትሉት አሜሪካዊው እንደ ጁን 7፣ አውሮፓዊው እንደ ጁላይ 6 ያነበዋል። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጋችሁ «በአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል ጨምሩበት።

ማን ይከፍላል? መብት ነው ወይስ ሐሳብ?

«የባንክ ወጪውን ይከፍላሉ» የሚለው ለአማርኛ አንባቢ ጨዋ አነጋገር ነው፤ እርስዎ ይከፍላሉ። ግን «እነሱ ይከፍላሉ»ም በዚሁ ቃል ነው የሚነገረው። እኛ ማን እንደሆነ ከነገሩ እንረዳለን። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ሳይናገር ማለፍ አይችልም፤ መሣሪያው አንዱን መምረጥ አለበት። «እነሱ» ብሎ ከመረጠ ገዢው «እነሱ ማናቸው? ባንኮቹ ናቸው? የላኪው ሰዎች ናቸው?» ይላል። ወይም አይልም፤ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል።

በመልሶ ትርጉም ይህ ይያዛል ወይ? እንደ ዕድል ነው። መሣሪያው «የባንክ ወጪውን ይከፍላሉ» ብሎ ከመለሰው፣ ባለቤቱ እንደገና ተደብቆ ስለመጣ ምንም አይታይም። «እነሱ የባንክ ወጪዎችን ይከፍላሉ» ብሎ ከመለሰው ይታያል። ይህች «እነሱ» የተጨመረችበት ዓረፍተ ነገር ስታዩ አትለፏት። ብዙ ሰው መሣሪያው አማርኛ ስለማይችል ያበላሸው መስሎት ያልፋታል። እሷ ግን የምትናገረው ስለ እንግሊዝኛው ነው።

«በሁለት ዙር ልንልክ እንችላለን» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ረቂቅ ነው። ላኪው መብት መጠየቁ ነው፦ ከፈለግን ከፍለን እንልካለን፣ እናንተም ትቀበላላችሁ። እንግሊዝኛው ግን ዝግጁነት ብቻ ሊሆን ይችላል፦ ከፈለጋችሁ ከፍለን መላክ አያቅተንም። የመጀመሪያው የውል ቃል ነው፤ ሁለተኛው መስተንግዶ ነው። በየትኛውም መሣሪያ ሲመለስ «መላክ እንችላለን» ነው የሚመጣው። ቃል በቃል የገጠመ ነው፤ መሣሪያ ብቻ የያዘ ሰው እዚህ ጋ አንዳች ምልክት አያገኝም።

ሰው ግን ይጠይቃል። «በሁለት ዙር መላክ እንችላለን ይላሉ። ከጠየቅናቸው ማለት ነው ወይስ ወሰኑ?» ይላል። የሦስተኛው አማራጭ ትልቁ ጥቅም ይህ ጥያቄ ነው። መሣሪያ ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ሲገጥመው አንዱን መርጦ ዝም ይላል። ሰው ይጠራጠራል። ስለዚህ ሰው ስታስመልሱ የተጻፈውን አማርኛ ብቻ አትቀበሉ፤ የተጠራጠረበትን ሁሉ በኅዳጉ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት።

ልዩነት ሲመጣ ሁሉም አደጋ አይደለም

መልሶ መተርጎም የሚያስቸግረው በሌላ በኩልም ነው። የውሸት ደወል ያበዛል። «እንደጸደቀ» የነበረው «ከተፈቀደ በኋላ» ሆኖ ይመጣል። «ጆንያ»ው «ከረጢት» ይሆናል። «እንጭናለን» የነበረው «እንልካለን» ይሆናል። በዚህ ሁሉ ከተጨነቃችሁ ኢሜይሉ አይላክም።

እኔ የማነበው በአራት ጥያቄ ነው። የሚያደርገው ማን ነው? ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ? በምን ቅድመ ሁኔታ? ስንትና መቼ? እነዚህ አራቱ ካልተነኩ ቃሉ ቢለወጥም ልተወው እችላለሁ። ከአራቱ አንዱ ከተነካ አንዲት ፊደል ብቻ ብትሆንም ቆሜ አያለሁ። «አይ» እና «አል» ላይ ያሉት አሉታዎች፣ «ካል» እና «ከ» ላይ የሚጀምሩት ቅድመ ሁኔታዎች በተለይ። «ካልተቀበሉት» የነበረው «ከተቀበሉት» ሆኖ ቢመለስ ዓይን በቀላሉ ይዘላታል፤ ውሉ ግን ይገለበጣል።

«እንጭናለን» ወደ «እንልካለን» መለወጡ ግን ከላይ የውሸት ደወል ብለውም፣ ሽያጩ ኤፍኦቢ ስለሆነ አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ እዩት። በኤፍኦቢ የላኪው ግዴታ ቡናውን ጅቡቲ መርከብ ላይ ማድረስ ነው። «እንልካለን» የሚለው እስከ ገዢው ወደብ ድረስ እናደርሳለን የሚል መልክ ከያዘ የመርከብ ኪራይ ጥያቄ ያስነሳል። ይህን መለየት የሚችለው ንግዱን የሚያውቅ አንባቢ ነው።

እንግዲህ የቱን ልምረጥ?

በዚያው መሣሪያ መመለስን ለውል ኢሜይል ብቻውን አልመክርም። አጭር ደብዳቤ ላይ የተዘለለ ዓረፍተ ነገር፣ የጠፋ ቁጥር፣ የወደቀ አሉታ ያሳያል። «ሰነዶቹን ዛሬ በዲኤችኤል ልከናል» ለሚል ኢሜይል ይበቃል።

በሌላ መሣሪያ መመለስ ለዕለት ተዕለቱ ጥሩ ልማድ ነው። ተጨማሪ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። የቃል መደናገርን፣ እንደ «ይቀራል» ያለውን፣ በደንብ የማጋለጥ ዕድል አለው። ገደቡን ግን ዕወቁ፤ ቀንን፣ ሰዓትን፣ «እንችላለን»ን አይነግራችሁም። የተመለሰው አማርኛ ሲበላሽም ጥፋቱ የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው መሣሪያ አይታወቅም። ስትጠራጠሩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አውጥታችሁ መልሱት፤ ከዚያም ከአንቀጹ ጋር አብራችሁ። ሁለቱ ከተለያዩ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ግልጽ አይደለም ማለት ነው።

ዋጋን፣ ብዛትን፣ ቀንን፣ የመሰረዝ መብትን ወይም ወጪን ለሚነካ ኢሜይል ሦስተኛውን ነው የምመርጠው። ሙሉውን ደብዳቤ ማስመለስ አያስፈልግም። ሰላምታውንና ምስጋናውን ተዉት። ከባዶቹን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ቁጥር ሰጥታችሁ ለይታችሁ ስጡት። ሰውየው አማርኛውን ማየት የለበትም፤ «እንዲህ ለማለት ፈልገን ነበር» ብላችሁም አታስረዱት። አንዴ ከሰማ ያሰባችሁትን ነው የሚያነብበው። ከቢሮው ውስጥ የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ የንግዱን ቃል ያውቃል፣ ሚስጥሩም ከቤት አይወጣም። የምታምኑት ትራንዚተርም ይሆናል። ችግሩ ጊዜ ነው። ገዢው ዛሬ መልስ ሲፈልግ ሰውየው ላይገኝ ይችላል።

አራተኛው፣ ጎን ለጎን ማንበብ፣ ክፍያ ያለው ነው። ግን መልሶ መተርጎም በጭራሽ የማይደርስበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ሕግ ያረፈበት ቃል። መጋዘን ለውጭ ድርጅት ስትሸጡ «ቀብድ ተቀብለናል» ብላችሁ ጻፉ እንበል። እንግሊዝኛው ተራ ቅድመ ክፍያ ሊያደርገው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀብድ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ተጽፏል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ተራ ቅድመ ክፍያ ይህ ጣጣ የለበትም። መሣሪያው «ቅድመ ክፍያ» ብሎ ቢመልስላችሁ «ያው ነው» ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። ጠበቃ አያልፈውም። አዲስ ውል ሲረቀቅ፣ ክርክር ሲጀመር፣ ወይም ኢሜይሉ የተፈረመውን ውል ሲያሻሽል ገንዘቡን ለአራተኛው አውጡ።

ስህተት ሲገኝ የሚስተካከለው አማርኛው ነው

እንግሊዝኛው ላይ እምነት ከሌላችሁ እንግሊዝኛውን በእጃችሁ አትነካኩት። ተመልሳችሁ አማርኛውን ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው አድርጋችሁ ጻፉት። የእኛ ኢሜይል እንዲህ ይሆናል፦

«ገዢው ናሙናውን በጽሑፍ ካጸደቀ፣ ላኪው ቡናውን ከጁን 7 ቀን 2026 ሳያልፍ ጅቡቲ ላይ መርከብ ላይ ይጭናል። ገዢው ናሙናውን ካላጸደቀ ውሉ ይሰረዛል፤ ላኪው ሌላ ናሙና የመላክ ግዴታ የለበትም። ላኪው 640ውን ጆንያ በሁለት ጭነት ከፋፍሎ የመላክ መብት አለው፤ ገዢው ሁለቱንም ጭነት የመቀበል ግዴታ አለበት። ከኢትዮጵያ ውጭ ያለውን የባንክ ወጪ ገዢው ይከፍላል።»

ለዛ የለውም። እንደ ሰው ንግግር አይፈስም። ግን በየዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አለ፣ «ይቀራል» የለም፣ «እንችላለን» የለም። ሁለት መሣሪያም ሰውም ቢመልሱት የሚደበቅበት ቦታ ጠቧል። ከተስተካከለ በኋላ መላውን ጽሑፍ እንደገና ተርጉሙት። መሣሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀየር ጎረቤቱንም ሊቀይረው ይችላልና፣ የተለወጠውን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለውንም መልሳችሁ እዩ። ከመጨረሻው ፍተሻ በኋላ «ትንሽ ላሳምረው» ብሎ እንግሊዝኛውን መነካካት ፍተሻውን ከንቱ ያደርገዋል።

ሚስጥርንም አስቡበት። ነጻ መሣሪያ ላይ የምትለጥፉት ጽሑፍ ከቢሮአችሁ ወጥቷል። የገዢውን ስም፣ ዋጋውንና የባንክ ቁጥሩን አውጥታችሁ «ገዢው»፣ «ላኪው»፣ «ዋጋ ሀ» በሉት። ለትርጉሙም ይጠቅማል። ስሞቹን ወደ እንግሊዝኛው የምትመልሱት ግን በጥንቃቄ ነው፤ ከተገለበጡ የሚከፍለው ሰው ይለወጣል።

ከገዢው የመጣ ኢሜይል ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ስለምንልከው ነው። ለሚመጣው ኢሜይል ምርጫዬ ሌላ ነው። ገዢው በእንግሊዝኛ «ላኪው ናሙናው ሳይጸድቅ መጫን አይፈቀድለትም» ብሎ ጽፎ፣ መሣሪያው «ላኪው ናሙናው ሳይጸድቅ ላይጭን ይችላል» ብሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል። እንግሊዝኛው ክልከላውንም ጥርጣሬውንም በአንድ አባባል የሚናገርበት ጊዜ አለ። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ብትመልሱት ያው የገዢው ቃል ይመጣል፤ የገጠመ ይመስላል፣ ክልከላው ግን ጠፍቷል።

እዚህ ላይ መልሶ በመተርጎም ጊዜ ከማባከን የተረዳችሁትን በራሳችሁ አነጋገር ጽፋችሁ ገዢውን መጠየቅ ይሻላል። «የተረዳነው ይህ ነው፦ ናሙናው በጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት ላኪው መጫን የተከለከለ ነው። ትክክል ነው?» ብላችሁ፣ ይህችን አጭር መልእክት በሁለት መሣሪያ ፈትሻችሁ ላኩ። «አዎ» ሲል መልሱ በእጁ የተጻፈ ነው። የእናንተን አማርኛ፣ የሄደውን እንግሊዝኛ፣ የተመለሰውን አማርኛና ይህን መልስ በአንድ ፎልደር፣ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት።